ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች፦ በስሪዲ ፕሪንተር የታተመ የብሎንና የክዳን ጥርስ፣ ጠቅ ብሎ የሚይዝ ምላስና ስስ ማጠፊያ እንዳይሰበር

ጎንደር ውስጥ በስሪዲ ፕሪንተር ዕቃ የሚሠሩ ተማሪዎች፣ የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኞችና ጫጩት አስፈልፋዮች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፤ ልኮቹ ፊላመንት እያቀለጠ ለሚያትምና 0.4 ሚሊ ሜትር ኖዝል ላለው ተራ ማሽን የሚሆኑ ናቸው።

ከፋብሪካ የወጣው የሪሞት ክዳን ስንት ዓመት ይቆያል። ልክ እሱን አስመስዬ ያተምኩት ግን ቶሎ የሚሰበረው ለምንድን ነው?

የፋብሪካው ክዳን የቀለጠ ፕላስቲክ በኃይል ወደ ቅርጽ ማውጫ ተገፍቶ በአንድ ጊዜ የተሠራ ስለሆነ አካሉ ወጥ ነው። የእኛ ማሽን ግን አንዱን ንብርብር ይዘረጋና እሱ ቀዝቀዝ ሲል ሌላውን ይደርብበታል። አዲሱ ንብርብር የሚጣበቀው የታችኛውን ገጽ በመጠኑ አቅልጦ ብቻ ነው። ስለዚህ በሁለት ንብርብሮች መካከል ያለው መያያዝ፣ ፕላስቲኩ በተዘረጋበት መስመር ርዝመት ካለው ጥንካሬ ሁልጊዜ ያንሳል፤ ብዙ ጊዜ ግማሹን ቢያህል ነው። እንጨት የፈለጠ ሰው ይህን በእጁ ያውቀዋል፦ በቃጫው በኩል አንድ ምት ይበቃል፣ በአግድሙ ግን መጥረቢያው ይነክሳል።

ጥርስ፣ ምላስና ማጠፊያ ደግሞ ሙሉ ኃይሉ በአንዲት ቀጭን ቦታ ላይ የሚያርፍባቸው ክፍሎች ናቸው። ያ ኃይል ንብርብሮቹን የሚያላቅቅ ከሆነ ዕቃው የሚያምር ቢሆንም አይቆይም። ስዕል ከመጀመርዎ በፊት ሊወስኑት የሚገባው ነገር ቅርጹ አይደለም፤ የትኛው ጎን ቤዱ ላይ እንደሚተኛ ነው። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች በሙሉ ወደዚህ ውሳኔ ይመለሳሉ።

ያለኝ ፒኤልኤ ብቻ ነው። ይበቃኛል?

ለጥርስ ይበቃል። ለምላስ ምላሱን ካስረዘሙት ይበቃል። ለስስ ማጠፊያ ግን አይሆንም። ፒኤልኤ ጠንካራና ልኩን ጠባቂ ነው፤ ነገር ግን ትንሽ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል፣ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ደግሞ ይለሰልሳል። የእንቁላል ማስፈልፈያ ውስጡ 37.5 ዲግሪ ስለሆነ በራሱ ችግር የለውም፤ አምፖሉ አጠገብ የተቀመጠ የፒኤልኤ ምላስ ግን ቀስ በቀስ ይጎብጣል። ፒኢቲጂ እስከ 80 ዲግሪ ገደማ ይችላል፣ ከመሰበሩም በፊት ይበልጥ ይተጣጠፋል። ለጠቅ ባይ ምላስ ምርጫ ካለዎት ያለ ማመንታት ፒኢቲጂ ይውሰዱ።

የሙቀት ጥርጣሬ ካለ ናሙናውን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሮ ማየት ቀላል ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ እዚህ የሚፈላው 93 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ የፈላ ውሃ ፒኤልኤንም ፒኢቲጂንም ያለሰልሳል፤ የሚፈልጉትን ሙቀት ለማግኘት ውሃውን በቴርሞሜትር እየለኩ ያቀዝቅዙት።

ትንንሽ ቪቴ የሚገባበትን ጥርስ ራሱን ማተም ይቻላል?

የኤም 3 ጥርስ ከአንዱ ጫፍ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት 0.5 ሚሊ ሜትር ነው። በ0.2 ሚሊ ሜትር ንብርብር ሲያትሙ አንድ ጥርስ የሚሠራው ከሁለት ንብርብር ተኩል ነው ማለት ነው። ከዚያ የሚወጣው ጥርስ ሳይሆን ሻካራ ቀዳዳ ነው። በኤም 8 ርቀቱ 1.25 ሚሊ ሜትር ስለሚሆን አንድ ጥርስ ስድስት ንብርብር ያህል ያገኛል፤ ከዚያ በላይ ያለውን በድፍረት ያትሙ። ከዚያ በታች ያለውን አያትሙ።

ለትንንሾቹ ከሁሉ የሚቀለው ቀዳዳውን ጠበብ አድርጎ ቪቴው ራሱ ጥርስ እንዲያወጣ ማድረግ ነው። ለኤም 3 2.5 ወይም 2.6 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ፣ በዙሪያው ደግሞ ቢያንስ 7 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ዓምድ ይስጡ። ዓምዱ በኢንፊል ሳይሆን በግድግዳ መስመሮች መሞላት አለበት፤ ስለዚህ ስላይሰሩ ላይ የግድግዳውን ቁጥር 4 ወይም 5 ያድርጉት። ቪቴውን ሲመልሱ መጀመሪያ ወደ ግራ በቀስታ ያዙሩት፤ ወደ ድሮው ጥርሱ ጠቅ ብሎ ሲወድቅ ከተሰማዎት በኋላ ወደ ቀኝ ያጥብቁ። ይህን የማያደርግ ሰው በየጊዜው አዲስ ጥርስ እየቆረጠ ቀዳዳውን ባዶ ያስቀረዋል።

ከአሮጌ ኮምፒውተር የፈታኋቸው ቪቴዎች አንዳንዶቹ ገቡ፣ አንዳንዶቹ ዓምዱን ሰነጠቁት። ለምን?

ሁለት ዓይነት ስለሆኑ ነው። የሲዲ ማንበቢያና የላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ የሚታሰሩበት ኤም 3 ነው። የዴስክቶፕ ሃርድ ዲስክና ፓወር ሰፕላይ የሚታሰሩበት ግን 6-32 የሚባለው የኢንች ቪቴ ነው፤ ውፍረቱ 3.5 ሚሊ ሜትር፣ የጥርሱ ርቀትም 0.8 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ለኤም 3 በተተወ ቀዳዳ ውስጥ ይህን በጉልበት ሲያስገቡት ዓምዱ በንብርብሩ መስመር ይከፈታል። በካሊፐር ለይተው በሁለት ዕቃ ያስቀምጧቸው። 6-32 የግድ ከሆነ ቀዳዳውን 3 ሚሊ ሜትር ያድርጉለት፤ ሰፋ ያለው ጥርሱ ፕላስቲክን እንዲያውም የተሻለ ይይዛል።

ክዳኑ በየቀኑ የሚፈታ ከሆነ ዳዶ ልቅበርበት ወይስ በሙቀት የሚገባውን የናስ ቀለበት?

ሁለቱም ይሠራሉ፤ እኔ ግን ዳዶውን አስቀድማለሁ። ምክንያቱ የኃይሉ አቅጣጫ ነው። ዳዶው ከጀርባ ሲገባ ብሎኑ በተጠበቀ ቁጥር በብሎኑ ራስና በዳዶው መካከል ያሉት ንብርብሮች እርስ በርስ ይጨቆናሉ። መጨቆን ደግሞ የታተመ ፕላስቲክ በደንብ የሚችለው ነገር ነው። የናስ ቀለበቱ ከፊት በኩል በካውያ ጫፍ ተገፍቶ ሲገባ ግን ብሎኑ የሚጎትተው ወደ መጣበት ነው። ስለዚህ የላይኞቹን ንብርብሮች ከታችኞቹ ለመንቀል ይታገላል። ከጀርባ ቦታ ከሌለ ቀለበቱ ጥሩ መፍትሔ ነው፤ ግን ዓምዱን ሰፋ ያድርጉለት፣ የቀዳዳውን ልክ ደግሞ በእጅዎ ካለው ቀለበት ላይ ለክተው ይወስኑ።

የኤም 3 ዳዶ ከጠፍጣፋ ጎን እስከ ጠፍጣፋ ጎን 5.5 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 2.4 ሚሊ ሜትር ነው። ማስቀመጫውን 5.7 በ2.6 ይሳሉት። አራዳ ገበያ ከገዟቸው ዳዶዎች ሁለት ሦስቱን ግን አስቀድመው ይለኩ፤ በአንድ ከረጢት ውስጥ እንኳን ልካቸው ሊለያይ ይችላል። ከብሎኑ ራስ ሥር ሮንዴላ ያድርጉ። ፒኤልኤ በጫና ሥር ቀስ በቀስ እየሰመጠ ስለሚሄድ ጠባብ ራስ ብቻውን የተጫነበት ብሎን በሳምንታት ውስጥ ይላላል።

የጠፋ የጀሪካን ክዳን ማተም እፈልጋለሁ። ጥርሱን እንዴት ልሳለው?

ከአንገቱ ላይ ሦስት ነገር ይለኩ፦ በጥርሱ ጫፍ ላይ ያለውን ስፋት፣ በጥርሱ ሥር ያለውን ስፋት፣ እና ጥርሱ አንድ ዙር ሲዞር ምን ያህል ወደ ታች እንደሚወርድ። ሦስተኛውን በሁለት ዙር ለክተው ለሁለት ያካፍሉት፤ በአንድ ዙር ብቻ የተለካ ብዙ ጊዜ ይሳሳታል። ለምሳሌ በጫፉ 40.0፣ በሥሩ 37.4፣ ሁለት ዙሩ 8 ሚሊ ሜትር ሆኖ አገኙት እንበል። የጥርሱ ርቀት 4 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። በየጎኑ 0.3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ሲተዉ፣ የክዳኑ ጥርስ ጫፍ 38.0፣ የክዳኑ ጥርስ ሥር 40.6 ይሆናል። 38.0 ከ40.0 ጋር ሲተያይ በየጎኑ 1 ሚሊ ሜትር መያዣ ይቀራል፤ ለክዳን በቂ ነው። የግድግዳው ውፍረት 2.4 ሚሊ ሜትር ቢሆን የውጭው ስፋት 45.4 ይመጣል።

የጥርሱን የታችና የላይ ጎን 45 ዲግሪ ያጋድሉት፣ ጫፉንም ጠፍጣፋ ያድርጉት። ሹል ጫፍ ኖዝሉ ሊያትመው አይችልም፤ ከ45 ዲግሪ በላይ ተኝቶ አየር ላይ የሚወጣ ጎን ደግሞ ይንጠባጠባል። ክዳኑን ራሱን ቤዱ ላይ ገልብጠው ያትሙ፤ ጥርሱ ያለ መደገፊያ ይወጣል። የመጀመሪያው ግማሽ ዙር ከዜሮ ተነስቶ ቀስ በቀስ ሙሉ ቁመቱ ላይ እንዲደርስ ቢያደርጉት ክዳኑ ተጣሞ አይገባም። ውሃ እንዳያፈስ የሚያደርገው ጥርሱ አይደለም፤ ከካላማዳሪያ ክብ ቆርጠው ውስጡ ያስቀምጡ። በንብርብሮቹ መካከል ቆሻሻ ስለሚቀር ይህን ክዳን ለመጠጥ ውሃ ዕቃ አይጠቀሙበት።

ክዳን ብዙ አይጎተትም፤ ስለዚህ ቆሞ ቢታተም ችግር የለውም። ራሱ ብሎኑን ማተም ግን ሌላ ነው። ቆሞ የታተመ ብሎን ሲጠብቅ ንብርብሮቹ ይሳባሉ፣ የሚቆረጠውም በጥርሱ ሥር፣ ከቀጭኑ ቦታ ላይ ነው። ብሎኑን አስተኝተው ያትሙት። ለመተኛት እንዲመቸው ከአንድ ጎኑ ትንሽ ሸርፈው ጠፍጣፋ ያድርጉት፤ በዚያ በኩል ጥርሱ ቢጎድልም በቀረው ዙሪያ ይይዛል፣ መስመሮቹም ከራሱ እስከ ጫፉ ይሄዳሉ።

ልኩን በትክክል ሰጥቻለሁ፤ ታዲያ ለምን አይገጥምም?

የቀለጠ ፕላስቲክ ሲዘረጋ ትንሽ ወደ ጎን ይፈሳል፣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይሸመቀቃል። ስለዚህ ቀዳዳ ከስዕሉ ይጠባል። 10 ሚሊ ሜትር ዘንግ 10 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ውስጥ አይገባም። በየጎኑ 0.1 ሚሊ ሜትር ክፍተት በግፊት ይገባል፣ 0.2 በእጅ ይንሸራተታል፣ ለጥርስ ደግሞ 0.3 ይመቻል። እነዚህን ሦስቱን በአንድ ትንሽ ሳንቃ ላይ አትመው የራስዎ ማሽን የቱ ላይ እንደሚስማማ ይወቁ፤ ፊላመንት ሲቀይሩም ይድገሙት።

ከዚህ ሌላ የመጀመሪያው ንብርብር ቤዱ ላይ ተጨፍልቆ ወደ ውጭ ይሰፋል። ክዳኑ አፉ ላይ ብቻ የሚጠብቅ፣ ካለፈ በኋላ ግን ልል የሚሆን ከሆነ ምክንያቱ ይህ ነው። የታችኛውን ጠርዝ 0.5 ሚሊ ሜትር በ45 ዲግሪ ይሸርፉት፣ ወይም ስላይሰሩ ላይ `Elephant foot compensation` የሚለውን ያስተካክሉ።

ጠቅ ብሎ የሚይዘው ምላስ ሁልጊዜ ከሥሩ ይሰበርብኛል። ውፍረቱን ልጨምር?

አይጨምሩ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ምላስ ሲታጠፍ የውጭው ገጽ ይለጠጣል፤ ምላሱ በወፈረ ቁጥር ለተመሳሳይ መታጠፍ ይበልጥ ይለጠጣል። ስለዚህ ወፍራም ምላስ ቶሎ ይሰበራል። መጠኑን ለማወቅ አንድ ቀላል ስሌት ይበቃል፦

```
e = 1.5 × t × y / L²
```

`t` የምላሱ ውፍረት፣ `y` ምላሱ ጫፉ ላይ ያለው ጥፍር እንዲያልፍ የሚታጠፍበት ርቀት፣ `L` የምላሱ ርዝመት ነው፤ ሁሉም በሚሊ ሜትር። `e` ሲወጣ በመቶ ያባዙት፤ የሥሩ ገጽ ስንት በመቶ እንደሚለጠጥ ይነግርዎታል። ለፒኤልኤ ከ1 በመቶ እንዳይበልጥ ያድርጉ፤ አንዴ ገብቶ ለሚቀር ነገር 1.5 ይፈቀድለታል። ለፒኢቲጂ ከ2 እስከ 3 በመቶ መሄድ ይቻላል። አሁን የሪሞቱን ክዳን እንመልከት። ርዝመቱ 7፣ ውፍረቱ 1.5፣ የጥፍሩ ጉልህ 1 ሚሊ ሜትር ከሆነ ውጤቱ 4.6 በመቶ ነው። በፒኤልኤ ይህ ምላስ አይቆይም፤ ማሽንዎ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን። ርዝመቱን 16፣ ውፍረቱን 1.6 ያድርጉት፤ 0.94 በመቶ ይሆናል። ያዳነው ርዝመቱ ነው፤ ርዝመት በራሱ ስለሚባዛ እጥፍ ሲያደርጉት ጫናው ወደ ሩብ ይወርዳል።

ሁለት ነገር ይጨምሩ። ምላሱ ከግድግዳው ጋር የሚገናኝበትን ጥግ ሹል አይተዉት፤ የውፍረቱን ግማሽ ያህል፣ እዚህ 0.8 ሚሊ ሜትር፣ ክብ ያድርጉለት። ጥፍሩ ሲገባ የሚገፋበትን ፊት ወደ 30 ዲግሪ ያጋድሉት፣ ሲወጣ የሚይዝበትን ደግሞ እንዲከፈት ከፈለጉ 45 ዲግሪ፣ እንዳይከፈት ከፈለጉ ቀጥ ያለ። ከተሰበረም ስብራቱን በብርሃን ይመልከቱት። በንብርብሩ መስመር ለስላሳና ጠፍጣፋ ሆኖ ከተላቀቀ ጥፋቱ የአቅጣጫ ነው። ነጥቶና ተስቦ ከተቀደደ ግን ምላሱ አጭር ወይም ወፍራም ነው።

ሳጥኑ ቆሞ ነው የሚታተመው፤ ምላሱም አብሮ ይቆማል። እንዴት ላስተኛው?

ምላሱን ከላይ ወደ ታች ከመሳል ይልቅ በግድግዳው ርዝመት አግድም ይሳሉት። ማሽኑ ግድግዳውን ሲያትም መስመሩን ዙሪያውን ይዞ ስለሚሄድ፣ አግድም የተሳለ ምላስ ከሥሩ እስከ ጫፉ ባልተቆራረጡ መስመሮች ይሠራል። 1.6 ሚሊ ሜትር ግድግዳ ማለት አራት የ0.4 መስመሮች ማለት ነው፤ ሁሉም በምላሱ ርዝመት ይሄዳሉ፣ ሲታጠፍም አብረው ይታጠፋሉ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የሳጥኑ አፍ አጠገብ ካለው ግድግዳ ላይ 16 ሚሊ ሜትር ርዝመትና 7 ሚሊ ሜትር ቁመት ያለው ቁራጭ ከታችና ከአንዱ ጫፍ በኩል በ0.8 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይለዩ፤ ላዩ የሳጥኑ አፍ ስለሆነ በራሱ ክፍት ነው። ነጻ ጫፉ ላይ ወደ ውጭ 1 ሚሊ ሜትር የሚወጣ ጥፍር ያድርጉ፣ በክዳኑ ቀሚስ ላይ ደግሞ ጥፍሩ የሚገባበት መስኮት። ክዳኑ ሲወርድ ጥፍሩን ወደ ውስጥ ይገፋዋል፣ መስኮቱ ሲደርስ ጠቅ ብሎ ይወጣል። አንድ ችግር አለው፦ ሲታተም የምላሱ ነጻ ጫፍ ሥሩ አየር ነው። ከጫፉ ሥር 0.4 ሚሊ ሜትር የሆነች ቀጭን መደገፊያ ይተዉ፣ ከታተመ በኋላ በምላጭ ይቁረጧት።

መጀመሪያ ጥሩ አድርጎ ይይዝ ነበር፤ ሳይሰበር ላላ። ለምን?

ምላሱ ተዘግቶም ታጥፎ የሚቆይ ስለሆነ ነው። ፕላስቲክ በጫና ሥር ሲቆይ ያንኑ ቅርጽ ይይዛል፤ ሙቀት ካለ ደግሞ ይፈጥናል። ክዳኑ ከተዘጋ በኋላ ምላሱ ሙሉ በሙሉ ቀጥ ብሎ እንዲያርፍ ከጥፍሩ ጀርባ 0.2 ሚሊ ሜትር ነጻ ቦታ ይተዉ። ክዳኑ እንዳይንቀጠቀጥ ከፈለጉ ያንን በጎማ ወይም በስፖንጅ ያድርጉት፤ በምላሱ አያድርጉት።

ክዳኑና ሳጥኑ አንድ ላይ ታትመው በስስ ማጠፊያ እንዲያያዙ እፈልጋለሁ። ለምን በመጀመሪያው መታጠፍ ይቆረጣል?

ስስ ማጠፊያ ላይም ያው መለጠጥ ነው የሚወስነው። የማጠፊያው ስፋት በተለወጠ ቁጥር የመታጠፊያው ክብ ይለወጣል። 0.4 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 3 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውን ማጠፊያ ሙሉ በሙሉ፣ 180 ዲግሪ ቢያጥፉት፣ የውጭው ገጽ ወደ 21 በመቶ ይለጠጣል። ይህን ፒኤልኤ በጭራሽ አይችልም፣ ፒኢቲጂም አይችልም። ስፋቱን 8 ሚሊ ሜትር አድርገው መታጠፉን በ90 ዲግሪ ቢወስኑት ግን 4 በመቶ ያህል ይሆናል፤ በፒኢቲጂ አልፎ አልፎ ለሚከፈት ሳጥን ያስኬዳል።

የፋብሪካ ማጠፊያዎች ብዙ ጊዜ የሚከፈቱት ፖሊፕሮፒሊን ስለሆኑ ነው። ፖሊፕሮፒሊን መጀመሪያ ሲታጠፍ ሞለኪውሎቹ በመታጠፊያው አግድም ተስበው ይሰለፋሉ፣ ከዚያ በኋላ ያ ቦታ ከበፊቱ ይጠነክራል። የፖሊፕሮፒሊን ፊላመንት ካገኙ ቤዱን በካርቶን ማሸጊያ ፕላስተር ይሸፍኑት፤ ፕላስተሩ ራሱ አብዛኛውን ጊዜ ከፖሊፕሮፒሊን ስለሚሠራ ከእሱ በቀር ብዙ የሚይዘው ነገር የለም። ሲቀዘቅዝ ጠርዙ ስለሚነሳ ሰፊ ብሪም ይስጡት። ከቤዱ እንዳነሱት፣ ገና ሞቅ እያለ፣ ማጠፊያውን ቀስ ብለው እስከ መጨረሻው ያጥፉትና ይመልሱት።

በየትኛውም ፕላስቲክ ማጠፊያው ቤዱ ላይ ተኝቶ፣ በሁለት የ0.2 ሚሊ ሜትር ንብርብር መሠራት አለበት። መስመሮቹም ከሳጥኑ ወደ ክዳኑ መሻገር አለባቸው። ስላይሰሩ መስመሮቹን በማጠፊያው ርዝመት ካሰለፋቸው ሲታጠፍ መስመር ከመስመር ይላቀቃል። ከማተምዎ በፊት የሁለቱን ንብርብሮች እይታ ከፍተው አቅጣጫውን ይመልከቱ፤ ካልተስማማ ዕቃውን ቤዱ ላይ ያሽከርክሩት ወይም የመሙያውን ማዕዘን ይቀይሩ።

ፖሊፕሮፒሊን አላገኘሁም። ሌላ አማራጭ አለ?

አለ፤ ለብዙ ሥራም ከስስ ማጠፊያ ይሻላል። በሳጥኑና በክዳኑ ላይ እየተፈራረቁ የሚገቡ ቀለበቶችን ይሳሉ፣ ቀዳዳቸውን 2 ሚሊ ሜትር ያድርጉና በውስጣቸው የ1.75 ሚሊ ሜትር ፊላመንት ቁራጭ እንደ ዘንግ ያሳልፉ። ሁለቱን ጫፎች በጋለ ካውያ ጫን ቢያደርጓቸው ይጠፈጠፉና አይወጡም። ፊላመንቱ በርዝመቱ ወጥ ስለሆነ ንብርብር የለውም። ከተበላም በአንዲት ቁራጭ ይተካል።

ሲያትም መብራት ጠፋና ሲመጣ ካቆመበት ቀጠለ። ዕቃውን ልጠቀምበት?

ማሽኑ ያቆመበት ንብርብር ሙሉ በሙሉ ቀዝቅዟል፤ በላዩ የተደረበው በደንብ አልያዘም። ዕቃው ላይ እንደ ጭረት የሚታይ መስመር ያገኛሉ። መስመሩ በተራ ግድግዳ ላይ ካረፈ ይጠቀሙበት። በምላስ፣ በቪቴ ዓምድ ወይም በጥርስ ላይ ካረፈ ግን አይመኑት። መብራት የሚቆራረጥበት ሰፈር ላላችሁ የምንመክረው ጫና ያለባቸውን ትንንሽ ክፍሎች ከሳጥኑ ለይቶ መሳል ነው፤ በአጭር ጊዜ ታትመው ያልቃሉ፣ ሲበላሹም ሳጥኑ አይጣልም።

በክረምት ሌላም ነገር አለ። ፊላመንት እርጥበት ይጠጣል፤ ሲታተም ጢስ ጢስ እያለ ከተንጣጣና ገጹ ላይ ጥቃቅን አረፋ ካሳየ ንብርብሮቹ አይያያዙም። ፒኤልኤን 45 እስከ 50 ዲግሪ፣ ፒኢቲጂን 65 ዲግሪ አካባቢ ለጥቂት ሰዓታት ያድርቁና ከእርጥበት መጣጭ ከረጢት ጋር በተዘጋ ዕቃ ያስቀምጡ።

አንድ ሳጥን ቪቴም፣ ምላስም፣ ማጠፊያም አለው። እያንዳንዱ የየራሱን አቅጣጫ ይፈልጋል። የቱን ልከተል?

የእንቁላል ማስፈልፈያ መቆጣጠሪያ ሳጥንን እንውሰድ፤ ርዝመቱ 100፣ ወርዱ 70፣ ቁመቱ 35 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። ውስጡ ሰርኪዩት ቦርድ በአራት ቪቴ ይታሰራል፣ ክዳኑ በአንድ ጎን ይታጠፋል፣ በሌላው ጠቅ ብሎ ይዘጋል። በአቅጣጫ የማይደራደረው ስስ ማጠፊያው ነው፤ ተኝቶ ብቻ ይሆናል። እሱን ካስቀሩትና በፊላመንት ዘንግ ከተኩት ሳጥኑ ነጻ ይወጣል፦ ታቹ ቤዱ ላይ ተቀምጦ ቆሞ ይታተማል፣ ምላሱም ከላይ እንዳየነው በግድግዳው ላይ አግድም ይተኛል።

የሚቀሩት አራቱ ዓምዶች ቆመው ስለሚታተሙ ቪቴው ንብርብራቸውን ይጎትታል። እዚህ ጋ አቅጣጫውን ሳይሆን የኃይሉን መንገድ ይቀይሩ። ከሳጥኑ ታች ለዳዶ ማስቀመጫ ይተዉ፣ ብሎኑን ከላይ በቦርዱ በኩል አሳልፈው እስከ ታች ያውርዱት። ሲጠብቅ ዓምዱ በሙሉ ይጨቆናል። የዳዶ ማስቀመጫው ጣሪያ አየር ላይ ስለሚታተም ቀዳዳው ሊበላሽ ይችላል፤ በስዕሉ ላይ ከማስቀመጫው በላይ አንድ 0.2 ሚሊ ሜትር ንብርብር ቀዳዳ ሳይኖረው ድፍን አድርገው ይተዉት፣ ከታተመ በኋላ ብሎኑ ወይም መሰርሰሪያ በቀላሉ ይበሳዋል። የምላሱ ሳጥን ከአምፖሉ በተቃራኒው ጎን ይሰቀል፤ ፒኤልኤ ከሆነ ይህ የግድ ነው።